ለፈቃድ ጥያቄዎ የተሰጠ ምላሽ

ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሂሳብ ክፍል ከፍተኛ ባለሙያ

እናትዎን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለማስታመም ከጥር 18 እስከ የካቲት 6 ቀን ድረስ 15 የሥራ ቀናት ፈቃድ እንዲሰጥዎ ጥር 6 ቀን በጻፉት ማመልከቻ ጠይቀዋል። የጠየቁትን ቀን ሳልቀንስ ፈቅጃለሁ። ሆኖም የጥር ወር የሂሳብ መዝጊያ በፈቃድዎ መካከል ስለሚውል፣ ከመሄድዎ በፊትና በፈቃድ ላይ ሳሉ እንዲፈጽሙ የምጠብቃቸው ነገሮች አሉ።

በእጅዎ ያሉትን የአቅራቢዎች የክፍያ ሰነዶች እስከ ሐሙስ ጥር 14 ቀን ድረስ አጠናቀው ያስረክቡ። ሰነድ ጎድሎት ሊከፈል ያልቻለ ካለ፣ የጎደለው ምን እንደሆነና ከማን እንደሚጠበቅ በላዩ ላይ ጽፈው ይተዉልኝ እንጂ፣ ለመጨረስ ሲሉ አያምሹ። በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ከሚተካዎት ባልደረባ ጋር ተቀምጠው ሥራውን በቃልም በጽሑፍም ያስረክቡ። ይህን አጥብቄ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት አንድ ባልደረባችን በጥድፊያ ሲወጣ ርክክቡን ሳላረጋግጥ በመቅረቴ አንድ ደረሰኝ ፍለጋ ሁለት ቀን ባክነናል፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። የይለፍ ቃልዎን ግን ለማንም አይስጡ፤ ተተኪው በራሱ ስም እንዲገባ አደርጋለሁ።

በፈቃድዎ ጊዜ የምንፈልግዎት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ዓርብ ጥር 29 ቀን ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ በመዝጊያው ላይ ጥያቄ ከተነሣ እንድንደውልልዎ ይፍቀዱልን። በዚያ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ከሆኑ ወይም ስልክ ማንሳት ካልተመቸዎት አጭር መልእክት ይበቃል፤ እኛም እናቆየዋለን። ከዚህ ሰዓት ውጪ ለሥራ የሚደውልልዎ ቢኖር ወደ እኔ ይምሩት።

የቀረዎት የዓመት ፈቃድ 11 ቀን በመሆኑ ቀሪዎቹ 4 ቀናት ያለ ክፍያ ይያዛሉ። ይህ በወሩ ደመወዝዎ ላይ ስለሚታይ ድንገተኛ እንዳይሆንብዎ አስቀድሜ መግለጽ ፈልጌያለሁ። ከክፍያ ውጪ የሚሆኑትን ቀናት ላለመውሰድ ከመረጡ ፈቃዱ በ11ኛው ቀን ማለትም ሰኞ የካቲት 2 ቀን አብቅቶ ማግስቱን ማክሰኞ ሥራ ይጀምራሉ። ምርጫዎን እስከ ማክሰኞ ጥር 12 ቀን ድረስ በጽሑፍ ያሳውቁኝ።

ሙሉውን ከወሰዱ ሥራ የሚገቡት ሰኞ የካቲት 9 ቀን ነው። የእናትዎ ሁኔታ ተጨማሪ ቀናት የሚያስፈልገው ከሆነ እስከ ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን ድረስ ይንገሩኝ፤ አስቀድሜ ካወቅሁ ሥራውን የማሸጋሸግበት ጊዜ አገኛለሁ። ድንገተኛ ነገር ከገጠመ ግን ቀነ ገደቡ አያሳስብዎ፣ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ።

ከእነዚህ ውስጥ ለመፈጸም የሚከብድዎት ካለ ከመሄድዎ በፊት ቢሮዬ መጥተው እንነጋገር። ለእናትዎ ምሕረቱን ያውርድልን።

ከሰላምታ ጋር
የሂሳብ ክፍል ኃላፊ