ስለ 4ኛው ጥያቄ፦ ማርኩ የተሰጠው በምን ሚዛን ነው?

ደሴ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሁለተኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪዎቼ፣

እንደምን ከረማችሁ? የሚድ ወረቀት ከተመለሰ ወዲህ የቢሮዬ በር ሰልፍ አላጣም። የሚመጣው ሁሉ የድርጅት መዋቅር ስለሚጠይቀው 4ኛው ጥያቄ ነው። ለአንዱ የነገርኩት ለሌላው ሲደርስ መልኩ ይቀየራል። «መዋቅሩ ማትሪክስ ነው ያሉት ሁሉ ዜሮ ተሰጣቸው» የሚል ወሬ እኔው ጆሮ ድረስ መጥቷል። እውነት አይደለም። ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ብጽፍ ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ኬዙን እናስታውስ። አንድ የእህል ንግድ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ ነው። ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሐይቅና ወልድያ ቅርንጫፍ አለው። ደሴ ላይ የፋይናንስ፣ የሰው ሀብትና የመኪና ስምሪት ክፍሎች አሉ። እህል የሚገዛውና የሚሸጠው ግን የየቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ነው። ዋጋ የሚቆርጠውም፣ ሻጭና የጉልበት ሠራተኛ የሚቀጥረውም እሱ ነው። ደሴን የሚያስፈቅደው አንድ ግዢ ከ500 ሺህ ብር ሲበልጥ ብቻ ነው። የየቅርንጫፉ ትርፍና ኪሳራ ለብቻው ይሠራል፤ የሥራ አስኪያጁ ቦነስም ከዚያው ይታሰባል። የቅርንጫፉን ሂሳብ ሠራተኛ የሚያዘውም፣ ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለትም ሥራ አስኪያጁ ነው። ሂሳብ ሠራተኛው ወርሃዊ ሪፖርቱን ግን ደሴ ላለው የፋይናንስ ኃላፊ ይልካል።

ጥያቄው ደግሞ «የድርጅቱ መዋቅር ከየትኛው ዓይነት ነው? ከኬዙ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ፤ አንድ ድክመቱንም ግለጹ» የሚል ነበር። ከ10 ማርክ 2ቱ ለስሙ፣ 6ቱ ለማስረጃው፣ 2ቱ ለድክመቱ ነው። ይህ አከፋፈል ከጥያቄው ጎን በቅንፍ ተጽፎ ነበር። ብዙዎቻችሁ አላያችሁትም መሰለኝ።

የኔ መልስ በአካባቢ የተከፋፈለ ዲቪዥናል መዋቅር ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ዋናውን ሥራም ትርፍና ኪሳራውንም ለብቻው የሚይዝበት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ትልቁ ክርክር የመጣው «ፈንክሽናል» ካሉት ነው። የአብዛኞቹ ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፦ ፋይናንስ አለ፣ የሰው ሀብት አለ፣ ስምሪት አለ፤ ስለዚህ በሥራ ዘርፍ የተከፋፈለ ነው። አንድ ተማሪ ቢሮ መጥቶ «ቲቸር፣ ስላይዱ ላይ ፈንክሽናል ማለት በዲፓርትመንት የተከፋፈለ ነው ይላል እኮ» አለኝ። ይላል፤ ልክ ነው። ግን የተከፋፈለው የትኛው ሥራ ነው? ይህ ድርጅት እንጀራውን የሚበላው እህል ገዝቶ በመሸጥ ነው። ፈንክሽናል ቢሆን ኖሮ ደሴ ላይ አንድ የግዢ ኃላፊ ይኖር ነበር። ባቲም ሆነ ወልድያ ያለው ገዢ በእሱ ሥር ይሆን ነበር። ሽያጩም እንደዚያው። ኬዙ ውስጥ የግዢ ኃላፊ ፈልጉ፤ የለም። የሽያጭ ኃላፊም የለም። ደሴ ላይ ያሉት ሦስቱም ክፍሎች ድጋፍ ሰጪ ናቸው። እነሱን አይቶ የድርጅቱን ስም ማውጣት፣ ግቢውን በዘበኛው ቤት መለካት ነው።

የባቲን ነገር አስቡት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ማሽላው በብዛት ከወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ካልወጣ ይወጣል። ይህ ደግሞ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የባቲው ሥራ አስኪያጅ እዚያው ቆሞ ዋጋ ይቆርጣል፤ ደሴ አይደውልም። ቢከስር ኪሳራው በቅርንጫፉ መዝገብ ላይ ይወርዳል፤ ቦነሱም ይቀራል። ውሳኔውም ተጠያቂነቱም አንድ ሰው ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተዋል። ማርክ የሰጠሁት ይህን ላየ ሰው ነው። «ባቲ ቅርንጫፍ ስላለ ዲቪዥናል ነው» ማለት ግን አይበቃም። ባንክም በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። የብድር ውሳኔው ሁሉ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያልቅ ከሆነ ግን የቅርንጫፍ ብዛት ብቻውን ዲቪዥናል አያደርገውም።

በክፍል በሩጫ ያለፍኩት የዱፖንት ታሪክ እዚህ ጋ ስለሚጠቅም ልመለስበት። ዱፖንት ባሩድና ፈንጂ የሚያመርት የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። መዋቅሩ ፈንክሽናል ነበር፤ ለዚያ ሥራም ጥሩ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀለምን የመሳሰሉ ሌሎች ምርቶች ውስጥ በሰፊው ገባ። የቀለሙ ሽያጭ አደገ፤ ኪሳራውም አብሮ አደገ። ተጠያቂው ማነው ሲባል መልስ ጠፋ። የምርት ኃላፊው የሁሉም ምርት ኃላፊ ነው፤ የሽያጩም እንደዚሁ። ቀለም ብቻውን አትርፎ እንደሆነ ወይም ከስሮ እንደሆነ ተነስቶ የሚመልስ አንድም ሰው አልነበረም። በ1921 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በምርት ተከፋፈለ። ለየምርቱ አንድ ኃላፊ ተሾመ፤ ምርቱም ሽያጩም ትርፉም በእሱ እጅ ሆነ። የፋይናንስና ሌሎች ድጋፍ ሰጪ ክፍሎች ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ቀሩ። ልብ በሉ፤ ቀሩ! ዱፖንትን በነሱ ምክንያት ፈንክሽናል ያለው የለም። የታሪክ ምሁሩ አልፍሬድ ቻንድለር የዲቪዥናል መዋቅር አነሳስን ሲያጠና ከመረመራቸው ኩባንያዎች አንዱ ይኸው ነው።

ወደ ማትሪክስ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ይህን መልስ ከጻፉት ውስጥ ጥሩ ያነበቡ ልጆች አሉ። የሂሳብ ሠራተኛውን ነገር አይተዋል። ሪፖርት ወደ ደሴ፣ ትዕዛዝ ከቅርንጫፍ፤ እና «ሁለት አለቃ አለው፤ ማትሪክስ ነው» ብለዋል። አንዳንዶቻችሁ ፈረንሳዊውን የማኔጅመንት ሊቅ ፋዮልን ጠቅሳችሁ የዕዝ አንድነት ተጥሷል ብላችኋል። ፋዮል በ1916 እ.ኤ.አ. የጻፈው ሠራተኛ ትዕዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ይሁን ነው። ትዕዛዝ ነው ያለው። ሪፖርት ለስንት ሰው ይላክ አላለም። የሂሳብ ሠራተኛውን ማን ያዘዋል? ፈቃድ ማን ይሰጠዋል? አፈጻጸሙን ማን ይሞላል? የሦስቱም መልስ አንድ ሰው ነው። ወደ ደሴ የሚሄደው የመረጃ መስመር ነው፤ ቻርት ላይ በነጠብጣብ የምንስለው።

ማትሪክስ ከዚህ የከበደ ነገር ነው። በአሜሪካ የአየርና የጠፈር ኢንዱስትሪ ውስጥ ሲስፋፋ አንድ ኢንጂነር የሙያ ክፍሉ ኃላፊም የፕሮጀክቱ ኃላፊም ነበረው። ሁለቱም የእውነት ያዙታል። በሰዓቱም፣ በሥራውም፣ በግምገማውም ላይ ይደራደራሉ፤ ሲያሻቸውም ይጣላሉ። ይህ ደግሞ ታስቦበት በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በብዙ ሠራተኛ ላይ የተዘረጋ ነው። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ሪፖርት ስለላከ ድርጅቱ ማትሪክስ ከሆነ፣ እዚህ ከተማ ማትሪክስ ያልሆነ መሥሪያ ቤት አናገኝም።

አንዷ ተማሪ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «መምህር፣ ሪፖርቱን ካልላከ የፋይናንስ ኃላፊው ቢቀጣውስ?» ቢቀጣውማ ነገሩ ይቀየራል። ግን ኬዙ እንደዚያ አይልም። ያልተጻፈ ጨምረን ከተከራከርን ማንኛውም ድርጅት ማንኛውንም መዋቅር ይሆናል። የሂሳብ ሠራተኛውን መስመር ለይተው ላወጡ ከማስረጃው 6 ማርክ እስከ 3 ሰጥቻለሁ። ድክመቱንም በደንብ ያስረዱ ማትሪክስ ባዮች 5 ያገኙት በዚህ ነው። ከዚህ በላይ አልሄድም፤ የትርፍና ኪሳራውን ጉዳይ ዘልለውታልና።

«ቅይጥ ነው» ያላችሁ ጥቂቶች ነበራችሁ። በአካባቢ የተከፋፈለ ሆኖ ድጋፍ ሰጪ ክፍሎቹ ደሴ ላይ የተማከሉበት ነው ያላችሁት። በኔ መልስ ወረቀት ላይ «ቅይጥ» የሚል ቃል የለም። ማርክ ግን ሙሉ ነው፤ ምክንያቱም የትኛው ሥራ ወደ ታች እንደወረደና የትኛው ከላይ፣ ደሴ እንደቀረ ለይታችሁ ጽፋችኋል። እንዲያውም ከነዚህ ወረቀቶች አንዱ ከኔ መልስ የተሻለ ነው። በተቃራኒው «ቅይጥ» ብሎ በአንድ መስመር የተወ የስሙን 2 ብቻ ይዞ ሄዷል።

ስለ 500 ሺህ ብሩ ብዙ ተብሏል። ፈቃድ ካስፈለገ ሥልጣኑ ደሴ ነው የሚል ክርክር ነው። ደካማ ክርክር አይደለም። ጣሪያው 5 ሺህ ብር ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር፤ የዕለት ግዢው ሁሉ ደሴን ይጠይቅ ነበርና። ኬዙ ግን ደሴን የሚያስፈቅደው ከ500 ሺህ ብር የሚበልጥ ግዢ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ትልልቁን ብቻ ማስፈቀድ የዲቪዥናል ድርጅቶች የተለመደ አሠራር ነው። ባለቤት ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ለቆ አይተኛም። ይህን ነጥብ አንስቶ በዚህ መንገድ የመዘነ፣ ስሙን ቢስትም ከማስረጃው 4 አግኝቷል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ያኮረፋችሁት። «ጂኦግራፊካል ዲቪዥናል» ብላችሁ በትክክል ጽፋችሁ 3 ወይም 4 ያገኛችሁት። «መልሱን አግኝተን እንዴት?» ትላላችሁ። ያገኛችሁት 2 ማርክ የሚያወጣውን ክፍል ነው። ከሥሩ የጻፋችሁት የዲቪዥናልን ትርጉም ከስላይዱ ቃል በቃል ነው፤ ባቲም ቦነሱም የዋጋ ቆረጣውም አልተነሱም። ያ ጽሑፍ ለማንኛውም ሌላ ኬዝ ሊለጠፍ ይችላል። ስሙን ስቶ ኬዙን በደንብ ያነበበ ከእናንተ በላይ ያገኘበት ቦታ አለ። ያንን አልቀይርም።

ድክመቱ ላይ አጭር ነው የምለው። «ውሳኔ ይዘገያል» የሚለው አያስኬድም፤ ኬዙ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ጥሩ መልስ የነበረው ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ የሚሻሙበት ነው። የሐይቁና የኮምቦልቻው ሥራ አስኪያጅ አንድ አቅራቢ ላይ ሲጫረቱ ዋጋው ይወጣል። የሁለቱም ቦነስ ላይጎዳ ይችላል፤ ድርጅቱ ግን ይከፍላል። ይህን የጻፉ ነበሩ፤ ደስ ብሎኛል።

ወረቀቱ እንደገና ይታይልኝ የምትሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ኑ። ወረቀታችሁን ያዙ፤ ከኬዙ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሚደግፋችሁም በእርሳስ አስምራችሁ ኑ። «ጓደኛዬ እንደኔው ጽፎ 7 አገኘ» የሚል ካለ ጓደኛውን ከነወረቀቱ ይዞ ይምጣ፤ ጎን ለጎን እናየዋለን። ማርኩ ሊጨምርም ሊቀንስም እንደሚችል ግን አስቀድሜ እናገራለሁ። ከሐሙስ በኋላ ውጤቱ ወደ ሬጅስትራር ይሄዳል።

አብሽሩ፤ ሚዱ ከጠቅላላው 30 ብቻ ነው። ፋይናል ላይም ኬዝ አለ።

የድርጅት አደረጃጀት መምህራችሁ