የማድረሻ፣ የተመላሽ ገንዘብና የአገልግሎት ውሎች

እነዚህ ሦስት ገጾች በደብረ ብርሃን ከተማ ከሚገኘው ሱቃችን በድረ ገጽ ለሚሸጡ ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ፣ ጋቢና የሱፍ ምንጣፍ የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ይጸናሉ። የሱፍ ዕቃዎቻችን በመንዝ በግ ጠጉር ተፈትለው በእጅ የሚሸመኑ ስለሆኑ፣ ከፋብሪካ ዕቃ የሚለዩበትን ነገር አስቀድመው እንዲያውቁ ከመክፈልዎ በፊት እንዲያነቧቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።

ስለ ማድረሻ

ክፍያዎ መድረሱን የሚያረጋግጥ መልእክት ከላክንልዎ በኋላ፣ በመደብሩ ያለ ዕቃ በማግስቱ የሥራ ቀን ተጠቅልሎ ይወጣል። የሥራ ቀናችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 12:00 ሰዓት ነው፤ በእሑድና በሕዝብ በዓላት ዕቃ አንልክም።

በደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በባጃጅ ቤትዎ ድረስ እናደርሳለን፤ ክፍያው 100 ብር ነው። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት በ2 የሥራ ቀናት፣ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌና ወደ ዓለም ከተማ በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ እናደርሳለን፤ ክፍያው ለአንድ ጥቅል 250 ብር ነው። ወደ ሌሎች ክልሎች በፖስታ ቤት በኩል የምንልክ ሲሆን፣ ክፍያው በክብደት ስለሚታሰብ ከመክፈልዎ በፊት ልኩን እንነግርዎታለን። አንድ ዝተት ከባድ ዕቃ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ ክፍያውን በግምት አስቀምጠን ኋላ ጭማሪ መጠየቅን አንወድም።

ከደብረ ብርሃን ውጭ የሚላክ ጥቅል መድረሻው የከተማዎ መናኸሪያ ወይም ፖስታ ቤት ነው። ጥቅሉን የሚረከበው ሰው በትዕዛዙ ላይ ከተጻፈው ስም ጋር የሚስማማ የታደሰ መታወቂያ ማሳየት አለበት፤ ሌላ ሰው የሚወስድልዎ ከሆነ ስሙን ጥቅሉ ከመውጣቱ በፊት ያሳውቁን። ይህን ግዴታ ያስቀመጥነው፣ ከዚህ ቀደም አንድ ባና በመናኸሪያ ለማይመለከተው ሰው ተሰጥቶ፣ ገዢዋ እናት ለልጃቸው ሠርግ ያዘዙትን ሳያገኙ በመቅረታቸው ነው። ገንዘቡን መለስን፤ ሠርጉ ግን ያለ ባናው አለፈ።

በሐምሌና በነሐሴ ጣርማበር ላይ የሚወርደው ጉም መኪና ስለሚያዘገይ፣ በእነዚህ ወራት ወደ ደብረ ሲናና ከዚያ ወዲያ ለሚሄድ ጥቅል 2 ተጨማሪ ቀን ይታሰብ። መንገድ ከተዘጋ ጥቅሉን ከመጋዘን አናወጣም፤ በዕለቱ እንደውልልዎታለን፤ እርስዎም ለመጠበቅ ወይም ሙሉ ገንዘብዎን ለመውሰድ ይመርጣሉ። ዕቃው እርስዎ ወይም የወከሉት ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ በመንገድ ላይ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኃላፊነቱ የእኛ እንጂ የእርስዎ አይደለም።

ስለ መመለስና ተመላሽ ገንዘብ

ዕቃው ጉድለት ያለበት ወይም ካዘዙት የተለየ ሆኖ ከተገኘ፣ በተረከቡ በ15 ቀናት ውስጥ ያሳውቁን። ጉድለቱን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በደረሰኝዎ ላይ ወደ ታተመው ስልክ ቁጥር በቴሌግራም መላክ ይበቃል። በእርስዎ ምርጫ እንቀይርልዎታለን ወይም የዕቃውንና የማድረሻውን ገንዘብ እንመልሳለን፤ የመመለሻውን የመጓጓዣ ወጪም የምንችለው እኛ ነን።

ጉድለት የምንለው የተበጠሰ ድር፣ ብል የበላው ቦታ፣ የተፈታ ጠርዝ፣ የማይለቅ እድፍ፣ እንዲሁም በድረ ገጹ ከተጻፈው ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚያንስ ርዝመት ወይም ስፋት ነው። ልኩን በሳንቲ ሜትር የምንጽፈው ክንድ ከሰው ሰው ስለሚለያይና ቀድሞ በክንድ በሸጥንበት ጊዜ በዚህ ምክንያት ክርክር ስለበዛ ነው። በሌላ በኩል፣ ዕቃዎቻችን ቀለም የማይነከሩ በመሆናቸው የጥቁሩ፣ የነጩና የቡላው መልክ ከበግ በግ ይለያያል፤ ፎቶግራፍ ላይ ካዩት ጥቂት ቢጠቁር ወይም ቢነጣ ጉድለት አይደለም። አዲስ ዝተት የሚኖረው የበግ ጠጉር ሽታም እንዲሁ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ቢሰጣ እየለቀቀ ይሄዳል። በፈላ ውኃ ታጥቦ የተኮማተረ ዕቃ ግን አይመለስም፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ የምናስቀምጠው የአጠባበቅ ወረቀት በቀዝቃዛ ውኃ እንዲታጠብ የሚያሳስበው ለዚህ ነው።

ጉድለት ሳይኖረው ሐሳብዎን ቀይረው ዕቃውን መመለስ ከፈለጉ፣ በተረከቡ በ7 ቀናት ውስጥ ሳይለብሱትና ሳያጥቡት ይላኩልን፤ የመመለሻ መጓጓዣው በእርስዎ ወጪ ይሆናል፣ የመጀመሪያው የማድረሻ ክፍያም አይመለስም። ገልጠው ማየት፣ መዳሰስና አልጋ ላይ ዘርግቶ መለካት እንደ መጠቀም አይቆጠርም።

በልዩ ልክ ወይም ስም ተጠልፎበት ለሚሠራ ዕቃ ግማሹን ዋጋ በቀብድ እንቀበላለን። ሸማኔው ድሩን ከመወጠሩ በፊት ቢሰርዙ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ድሩ ከተወጠረ በኋላ ግን ቀብዱ አይመለስም፤ ገንዘቡ ለፈታይዋና ለሸማኔው ድካም የተከፈለ ስለሆነ ከእነርሱ መልሰን አንወስድም። ድሩ በሚወጠርበት ቀን ዋዜማ መልእክት የምንልክልዎ፣ ሐሳብዎን ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያጤኑ ነው። ቀብድ ቢከፈልበትም በእኛ ሥራ የተፈጠረ ጉድለት ከላይ እንደተጻፈው ይስተናገዳል።

ገንዘብ የሚመለሰው ዕቃው በእጃችን ከገባ ጀምሮ ባሉት 3 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ በከፈሉበት መንገድ፣ ማለትም በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳብዎ ነው። የማስተላለፊያውን ክፍያ ከእርስዎ ገንዘብ ላይ አንቀንስም። ስጦታ ከሆነ ተመላሹ የሚሄደው ለከፋዩ ነው።

የአገልግሎት ውል

በድረ ገጹ ለማዘዝ 18 ዓመት የሞላዎት መሆን አለብዎት። ትዕዛዝ በመላክዎ ብቻ የሽያጭ ውል አይመሠረትም፤ ውሉ የሚጸናው ዕቃው መኖሩንና ዋጋውን የሚያረጋግጥ መልእክት ስንልክልዎ ነው። በድረ ገጹ ላይ በስህተት የተጻፈ ዋጋ ካለ ከማረጋገጣችን በፊት እናሳውቅዎታለን፤ ካረጋገጥን በኋላ ግን ስህተቱ በእኛ ላይ ይቆማል፣ ዋጋውም አይጨምርም። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ደረሰኝ እንሰጣለን።

ከእርስዎ የምንወስደው ስምዎን፣ ስልክ ቁጥርዎንና ማድረሻ አድራሻዎን ብቻ ነው። ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሾፌር ወይም ፖስታ ቤት በቀር ለማንም አንሰጥም፤ እንድናጠፋው ከጠየቁ በሕግ ልንይዘው ከሚገባን የደረሰኝ መዝገብ በስተቀር እናጠፋለን። አያያዛችን በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ነው። በድረ ገጹ ያሉት ፎቶግራፎች የእኛ ናቸው፤ ለሽያጭ ሥራ ያለ ፈቃዳችን አይወሰዱ።

በእነዚህ ገጾች ላይ የተጻፈው ሁሉ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተሰጠዎትን መብት አያጠብም። ቅሬታ ሲኖርዎ አስቀድመው ይንገሩን፤ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንመልሳለን። ካልተስማማን ሁለታችንም በምንመርጣቸው ሽማግሌዎች ፊት መነጋገር ይቻላል፤ ይህ ግን ለንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፍርድ ቤት አቤት ከማለት አያግድዎትም።

ውሎቹን ብንለውጥ አዲሱ ጽሑፍ ከወጣበት ቀን በፊት የተረጋገጠ ትዕዛዝ በነበረው ውል ይፈጸማል።