ለስፌት ቻናልሽ ያሰብኳቸው ርዕሶች

እታለም፣ የቻናሉን ርዕሶች አስብልኝ ባልሽኝ መሠረት ይኸው። በሐበሻ ቀሚስ አንጀምር። ያምራል፣ ሰውም ይወደዋል፤ ግን መርፌ መቀየር ያልለመደ ጀማሪ አድንቆት ያልፋል እንጂ አይማርበትም። ሰው ተቸግሮ ሱቅሽ ይዞት ከሚመጣው እንነሣ።

የመጀመሪያው ቪዲዮ «ክሩ ከጨርቁ ሥር ለምን ይተበተባል?» ይሁን። ስንቱ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ጥግ ያስቀመጠው በዚህ ነው! ከሥር ሲተበተብ ሁሉም የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ቦቢን ይነካካል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ክር ነው። ጨርቅ የሚጫነው እግር ወርዶ ሳለ ክር ከገባ፣ ክሩ መወጠሪያው ውስጥ በደንብ አይቀመጥም። እግሩን አንስተሽ እንደገና አስገቢና በቁራጭ ጨርቅ ሞክሪው። ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ክር አድርጊ፤ ቀዩ ከሥር ተንዘላዝሎ ሲታይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ቀጥሎ መርፌ። ለቀጭን ጥጥ ቁጥር 80፣ ለጂንስ 100፣ ለሚለጠጥ ጨርቅ ደግሞ ጫፉ ድቡልቡል የሆነው። ቲሸርት ላይ ስፌት እየዘለለ ያስቸገራቸው መልሱን እዚህ ያገኙታል። አጭር ይበቃዋል።

እኔ በጣም የጓጓሁለት «ውጭ አገር ሆነሽ ለሐበሻ ቀሚስ ልክሽን እንዴት ትልኪያለሽ?» የሚለው ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች ሴት ሽሮ ሜዳ ታዛለች፤ ቀሚሱ ሲደርሳት ደረቱ ይይዛታል፣ ወይም ርዝመቱ ያጥራል። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት፤ እያንዳንዱን ሜትሩ የት እንደሚያርፍ በሰው ላይ አሳዪ። ሜትሩ ከጀርባ እንዳይንሸራተት ሌላ ሰው ይለካት። ቁጥሩ በሴንቲ ሜትር ይሁን በኢንች አብራ ትጻፍ፤ የምታደርገውንም ጫማ ተጫምታ ትለካ። ይህን ቪዲዮ እናቶች ለልጆቻቸው ይልኩታል፤ ስፌት ለማይማር ሰው እንኳ ይጠቅማል።

ነሐሴ ላይ የዩኒፎርም ነገር እናምጣ፤ መስከረም ከገባ በኋላ ዋጋ የለውም። ሱሪውን ስትቀመቅሚ ወደ ውስጥ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ተይ፤ ልጁ ሲያድግ ይፈታና ይረዝማል። የኑሮው ውድነት ባለበት ጊዜ ለወላጅ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አይታየኝም። ጥጥ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ይተኮስ የሚለውንም እዚሁ ጣል አድርጊው፤ ካልታጠበ፣ ተሰፍቶ ሲታጠብ ይሰበሰባል።

ዚፕ መቀየር፣ ቁልፍ መትከል፣ የጂንስ ርዝመት ማሳጠር ለቲክቶክ የሚሆኑ ናቸው። ፊትሽን ማሳየት ካልፈለግሽ እጅሽ ብቻ ይታይ፤ ስልኩን እኔ ከላይ እይዘዋለሁ። እሑድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ መጀመሪያ የክሩን እንቅረጽ፤ ቀይ ክር ከሌለሽ ቅዳሜ ከመርካቶ ይዤልሽ እመጣለሁ።