«የዘገየው ጥላ»፦ የ6 ሳምንት የሥራ መርሐ ግብር

ለሦስታችሁም፣

የ10 ደቂቃ አኒሜሽን ፊልማችንን ከሰኞ ጀምሮ የምንሠራበት መርሐ ግብር ይኸው። ስክሪፕቱ ተዘግቷል። የልጅቷና የዘበኛው ድምፅ ተቀድቶ በጋራ ፎልደራችን ውስጥ ተቀምጧል። ኤዲቲንጉን፣ ድምፁን፣ የመክፈቻ ጽሑፉንና የስም ዝርዝሩን እኔ እሠራለሁ፤ ከእናንተ ሰዓት አይቆረጥም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ፤ ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የመጣው።

10 ደቂቃ 600 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 24 ፍሬም ስንሠራ 14,400 ፍሬም ይሆናል። እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው እንኳ 7,200 ሥዕል ያስፈልጋል። ያለን ሰዓት ደግሞ ሦስት ሰው፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ለ6 ሳምንት፤ በድምሩ 360 ሰዓት። ስቶሪቦርድም ባክግራውንድም ሳንሠራ ዝም ብለን ብንስል ለአንድ ሥዕል 3 ደቂቃ ይደርሰናል። አያዋጣም። ስለዚህ በእጅ የምንስለው በጣም ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረው በሪግ፣ በካሜራ እንቅስቃሴና ቆሞ በሚቆይ ምስል ይሸፈናል።

ከ360ው ላይ 18 ሰዓት ለስብሰባ፣ 36 ሰዓት ለመጠባበቂያ አንስቻለሁ። ለሥራ የቀረው 306 ነው። መጠባበቂያው ሙሉ በሙሉ 6ኛው ሳምንት ላይ ነው የተቀመጠው። በየሳምንቱ ብበትነው ማንም ሳያውቀው ተበልቶ ያልቃል።

ፊልሙ 80 ሾት አለው። የመክፈቻውና የመዝጊያው ጽሑፍ 40 ሴኮንድ ስለሚወስድ 80ዎቹ ሾቶች የሚሸፍኑት 560 ሴኮንድ ነው። በሦስት ደረጃ ከፍያቸዋለሁ፦

ቀላል፦ 36 ሾት፣ 300 ሴኮንድ፣ ለእያንዳንዱ 1 ሰዓት። ባዶ ደረጃ፣ መስኮት፣ ከጀርባ የምትታይ ልጅ፣ ዓይን ብቻ የሚርገበገብበት ፊት።

መካከለኛ፦ 34 ሾት፣ 205 ሴኮንድ፣ ለእያንዳንዱ 2 ሰዓት ተኩል። ንግግርና እርምጃ፣ ሁሉም በሪግ።

ከባድ፦ 10 ሾት፣ 55 ሴኮንድ፣ ለእያንዳንዱ 6 ሰዓት። ጥላው ከልጅቷ የሚላቀቅበትና ጣሪያው ላይ የሚሯሯጡበት። በእጅ የሚሳሉት እነዚህ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከፊልሙ ግማሹ፣ ማለትም 5 ደቂቃው፣ የሚወስደው 36 ሰዓት ብቻ ነው። 55 ሴኮንዱ ደግሞ 60 ሰዓት ይበላል። ቀላሉ ሾት ላይ «ትንሽ ላሳምረው» ብላችሁ ሁለት ሰዓት ከጨመራችሁ የከባዱን ሰዓት ነው የወሰዳችሁት። ተመልካች የሚያስታውሰው ጥላው ሲላቀቅ ያየውን ነው፤ ባዶው ደረጃ ላይ ያለውን የግድግዳ ስንጥቅ ማንም አይቆጥርም። ከባዶቹም ቢሆኑ 660 ሥዕል ናቸው፤ ለአንዱ 5 ደቂቃ ተኩል ቢደርሰው ነው። መስመሩ ሻካራ ይሁን። አጥርቶ መገልበጥ የለም። ቀለሙም ያለ ጥላና ብርሃን፣ ልሙጥ ይሆናል።

የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ነው። ስቶሪቦርድ ሠዓሊው 28 ሰዓት ለስቶሪቦርድ፣ ከዚያ 5 ከባድና 17 መካከለኛ ሾት። ሪግ ሠሪዋ 10 ሰዓት ለገጸ ባሕርያት ንድፍ፣ 24 ሰዓት ለሪግ፣ ከዚያ 5 ከባድና 15 መካከለኛ። ባክግራውንድ ሠዓሊዋ 2 ሰዓት ለቀለም ምርጫ፣ 39 ሰዓት ለ13 ባክግራውንድ፣ 36ቱ ቀላል ሾቶች በሙሉ፣ 2 መካከለኛ፣ በመጨረሻም የ80ውን ሾት ኮምፖዚቲንግ በ20 ሰዓት፤ ማለትም ለአንድ ሾት 15 ደቂቃ። ሁሉም ተደምሮ 304 ሰዓት ይመጣል። የተረፈን 2 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ሐሳብ ያመጣ ሰው በምትኩ የሚቀረውንም ሾት ይዞ ይምጣ፤ እኔም ጭምር።

ሪግ ላይ ትንሽ ቆጥበናል። ልጅቷ 16 ሰዓት ትወስዳለች፤ ከፊት፣ ከጎንና በከፊል ዞራ መታየት አለባት። ዘበኛው ከጎን ብቻ ስለሚታይ 8 ይበቃዋል። ለጥላው አዲስ ሪግ አይሠራም፤ የልጅቷን ሪግ ቀድታችሁ በጥቁር መሙላት ነው። ለንግግር ስድስት የአፍ ቅርጽ በቂ ነው፤ ዘበኛው ጢም ስላለው በሦስትም ይወጣዋል።

አሁን ትልቁ ራስ ምታት፦ ሦስታችሁም አንድ ሰዓት ላይ አትገናኙም። ስቶሪቦርድ ሠዓሊው ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ 3 ሰዓት፣ ቅዳሜ 5 ሰዓት ይሠራል። ሪግ ሠሪዋ በሥራ ቀናት ጠዋት 4 ሰዓት። ባክግራውንድ ሠዓሊዋ ዓርብ ከሰዓት 4፣ ቅዳሜና እሑድ ስምንት ስምንት ሰዓት። ስለዚህ ሳምንቱን እሑድ ማታ ነው የምንዘጋው። ሁሉም ያለውን ፎልደሩ ውስጥ ያስገባል፤ ሰኞ ማታ ለ1 ሰዓት ተገናኝተን እናያለን። ለባክግራውንድ ሠዓሊዋ የሚተላለፍ ነገር ሁሉ ሐሙስ ማታ መግባት አለበት። ዓርብ ጠዋት ከገባ ግን ሪግ ሠሪዋ ትደውልላት እንጂ መልእክት ልኮ መተኛት የለም።

1ኛ ሳምንት። ስቶሪቦርድ ሠዓሊው 19 ሰዓቱን በሙሉ ስቶሪቦርድ ላይ ነው። ከጣሪያው ትዕይንት ይጀምር፤ ከባዶቹ እዚያ ናቸው። ሥዕሉ አውራ ጣት የሚያህል ይሁን፤ የሚፈለገው ማን የት እንደቆመና ካሜራው የት እንዳለ ብቻ ነው። ሪግ ሠሪዋ እስከ ረቡዕ ንድፉን ትጨርስና የልጅቷን ሪግ ትጀምራለች። ንድፉን የማጸድቀው በዚያው ቀን ነው፤ አላዘገይም። ባክግራውንድ ሠዓሊዋ የቀለም ምርጫውን ጨርሳ ወደ ሰፋፊዎቹ ሥዕሎች ትገባለች። ቦታዎቹ አራት ናቸው፦ መኝታ ቤት፣ ደረጃ፣ መንገድ፣ ጣሪያ።

2ኛ ሳምንት። ስቶሪቦርዱ ሐሙስ ማታ ያልቃል። ዓርብ እኔ ከድምፁ ጋር አቀናጅቼ አኒማቲኩን ቅዳሜ እልክላችኋለሁ። ስቶሪቦርድ ሠዓሊው እስከዚያው ሥራ አይፈታም፤ ምንም ቢመጣ የማይቆረጡትን ሁለት ከባድ ሾቶች ይጀምራል። እነሱ በእጅ ስለሚሳሉ ሪግ አይጠብቁም። ሪጎቹ ሐሙስ ያልቃሉ፤ ሪግ ሠሪዋ ዓርብ አንድ መካከለኛ ሾት ሠርታ ትፈትሻቸዋለች። ክንዱ የሚሰበር ከሆነ አሁን ይሰበር። ባክግራውንዱ 12 ይደርሳል።

3ኛ ሳምንት ሰኞ ማታ አኒማቲኩን እንቆልፋለን። ከዚያ በኋላ የማንም ሾት ርዝመት በአንድ ፍሬም እንኳ አይቀየርም። ይህ ግትርነት መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ግን ሙዚቃው የሚሠራው በዚያ ርዝመት ነው፤ እኔም ድምፁን ከእናንተ ጎን ለጎን የምሠራው ርዝመቱ ስለማይነካ ነው። ከተነካ ድምፁ ሁሉ ለ6ኛው ሳምንት ይከመራል። ሾት መቁረጥ ካስፈለገም የጎረቤቱ ሾት ቦታውን ይሸፍናል። በዚህ ሳምንት ሁለታችሁም ከባድ ከባዱን ትሠራላችሁ። ባክግራውንድ ሠዓሊዋ 13ኛውን ጨርሳ 16 ቀላል ሾት ታስገባለች።

4ኛ ሳምንት ከባዶቹ በሙሉ ያልቃሉ። 5ኛው የመካከለኛ ሾት ሳምንት ነው፤ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ኮምፖዚቲንግም በ5ኛው ይጀመርና በሳምንቱ መጨረሻ 52 ሾት ላይ ይደርሳል። ሙዚቃው በዚህ ሳምንት ዓርብ ይገባል።

6ኛ ሳምንት። የቀሩት 5 መካከለኛ ሾቶች እስከ ረቡዕ ይገባሉ። የቀረው 28 ሾት ኮምፖዚቲንግ ዓርብና ቅዳሜ ያልቃል። ሌላው ሰዓት ለእርማት ነው፤ ለእያንዳንዳችሁ 12 ሰዓት። የእርማት ዝርዝሩን ሰኞ ማታ እሰጣችኋለሁ፤ ቢበዛ 20 ነጥብ፣ በአስፈላጊነቱ ተራ። ቅዳሜ ማታ አኒሜሽኑ ይዘጋል፤ እሑድ ባክግራውንድ ሠዓሊዋ የቀራትን እርማት ትጨርስና የመጨረሻው ፋይል ይወጣል።

ያለቀ ሾት ማለት አኒሜሽኑ አልቆ እኔ ያጸደቅሁት ነው። «ትንሽ ይቀረዋል» የተባለ አይቆጠርም። የምንጠብቀው ድምር፦

| እሑድ ማታ | ያለቀ ሾት | ኮምፖዚት የሆነ |
|---|---|---|
| 3ኛ ሳምንት | 24 | 0 |
| 4ኛ ሳምንት | 56 | 0 |
| 5ኛ ሳምንት | 75 | 52 |
| 6ኛ ሳምንት | 80 | 80 |

ከ3ኛ ወደ 4ኛ ሳምንት የሚዘለው ቁጥር አያስደንግጣችሁ፤ ቀላሎቹ በብዛት የሚገቡት ያኔ ነው። በ3ኛው መጨረሻ ከ20 በታች ከሆንን ግን በዚያው ሰኞ እንቆርጣለን። ምን እንደሚቆረጥ ከአሁኑ ወስኛለሁ፤ ደክሞን እንዳንከራከርበት። መጀመሪያ ከጣሪያው ሩጫ ሁለት ከባድ ሾቶች ወደ መካከለኛ ይወርዳሉ፤ 7 ሰዓት እናተርፋለን። ካልበቃ ዘበኛው ደረጃ የሚወጣባቸው አራት መካከለኛ ሾቶች ይቀሩና እርምጃው በድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ካሜራው ባዶው ደረጃ ላይ ይቆያል። እሱ ደግሞ ሌላ 10 ሰዓት ነው። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ከአሁኑ የተሻለ ይመስለኛል። ሌሊት መሥራት ግን አማራጭ ውስጥ የለም። ሦስታችሁም ሌላ ሥራ አላችሁ፤ አንዳችሁ ከታመማችሁ መርሐ ግብሩ የሚተርፈው በመጠባበቂያው ነው።

ፋይል ስትሰይሙ ትዕይንት፣ ሾት፣ ቨርዥን በዚህ ቅደም ተከተል፦

```
sq03_sh041_anim_v02
sq03_sh041_comp_v01
```

`final` የሚል ስም አይገባም። የድሮውን ቨርዥን አታጥፉ፣ ቁጥሩን ጨምሩ። ኮምፖዚት የሆነ ሾት በዚያው ሌሊት በ1920×1080 በፒኤንጂ ተከታታይ ምስል ይውጣ፤ መጨረሻ ላይ አጠራቅመን አናወጣም። አንዱ ፍሬም 2 ሜጋባይት ቢይዝ ጠቅላላው 29 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ባክአፑን እሑድ ማታ እሑድ ማታ እኔ አወጣለሁ።

አስተያየቴን በአንድ ሾት አንድ ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እሰጣለሁ። በ24 ሰዓት ካልመለስኩ ጸድቋል በሉና ቀጥሉ።

እስከ እሑድ ማታ ሰዓታችሁን ደግማችሁ አረጋግጡልኝ። በተለይ ስቶሪቦርድ ሠዓሊው የ2ኛውን ሳምንት ቅዳሜ፤ ያቺ 5 ሰዓት ከሌለች ሁለተኛውን ከባድ ሾት ለሪግ ሠሪዋ ማዛወር አለብኝ።