ርዕስ፦ የልብ ሥዕል ውጤቴን እንደገና እንዲያዩልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ መምህር፣

ሜሮን ነኝ፣ ከ10ኛ ለ፣ ተራ ቁጥር 23። የምጽፍልዎት ማክሰኞ ስለመለሱልን የልብ ሥዕል ፈተና ነው። ከ15 ያገኘሁት 7 ነው። ወረቀቱን ቤት ወስጄ ከማስታወሻዬም ከመማሪያ መጽሐፉም ጋር ደጋግሜ አስተያየሁት። ከተቆረጡብኝ 8 ነጥቦች 7ቱ ትክክል የጻፍኳቸው ይመስሉኛል። አንዱን ግን በእርግጥ ተሳስቻለሁ፣ እሱንም እነግርዎታለሁ።

ክፍል ውስጥ ላነሳው ነበር። ግን ብዙ ሰው እርስዎን ከቦ ነበር፣ እኔም ነገሩን በደንብ ሳላጣራ መናገር አልፈለግኩም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። የወረቀቱን ፎቶ ከዚህ ኢሜይል ጋር አያይዣለሁ።

ጥያቄው ልብን በቁመት ተከፍቶ እንድንሥል፣ 12 ክፍሎች እንድንሰይም፣ ከዚያም አኦርታን፣ የሳንባ ደም ቅዳንና የሳንባ ደም መልስን እንደሚይዙት ደም ቀይ ወይም ሰማያዊ እንድንቀባ ነበር። አራቱም የልብ ክፍሎች ላይ የኤክስ ምልክት አለ። ጎናቸው ላይ «ግራና ቀኝ ተገላብጧል» ተብሎ ተጽፏል። ብዙውን ነጥብ የወሰደብኝ ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ግራ ቬንትሪክል ብዬ የጻፍኩት በወረቀቱ ቀኝ በኩል ነው። ቀኝ ቬንትሪክል ያልኩት ደግሞ በወረቀቱ ግራ በኩል። መጀመሪያ ላይ ያየ ሰው ተገላብጧል ቢል አይገርመኝም። ግን ግራና ቀኝ የሚባለው በባለ ልቡ በኩል እንጂ በተመልካቹ በኩል አይደለም። ሥዕሉ ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ልብ ነው። ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ግራ እጁን ቢያነሳ የሚነሳው በእኔ ቀኝ በኩል ያለው እጅ ነው። እርስዎም ይህን ምዕራፍ ስንጀምር «ልቡ የእናንተ አይደለም፣ የሚያያችሁ ሰው ነው» ብለውን ነበር፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

እርግጠኛ ለመሆን አንድ ነገር ሞከርኩ። ወረቀቱን ሥዕሉ ወደ ውጭ እንዲያይ አድርጌ ደረቴ ላይ ያዝኩት። መስታወት አያስፈልግም፣ በጣት መከተል ይበቃል። ግራ ቬንትሪክል ብዬ የሰየምኩት በእኔ ግራ በኩል ዋለ። የልቡ ሹል ጫፍም ወደ ግራዬ ያዘነብላል፣ እውነተኛው ልብ እንደሚያዘነብለው።

ግን የአሳሳል ልማዱን ብንተወው እንኳን፣ ሥዕሉ ራሱ የትኛው ክፍል የቱ እንደሆነ ይናገራል። እባክዎ የግድግዳዎቹን ውፍረት ይመልከቱልኝ። ግራ ያልኩትን ቬንትሪክል ግድግዳ ከሌላው ሦስት እጥፍ ያህል አወፍሬ ነው የሣልኩት። ሳላስብ የሆነ አይደለም። ቀኙ ደሙን የሚገፋው ጎረቤቱ ወዳለው ሳንባ ብቻ ነው። ግራው ግን ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት ድረስ ማድረስ አለበት። አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ሲያርፍ የግራው ግፊት እስከ 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ይደርሳል፣ የቀኙ ግን 25 አካባቢ ነው። ጡንቻው የሚወፍረው በሥራው ልክ ነው።

ከዚያ የደም ስሮቹን ይከተሉ። አኦርታ የሚወጣው ከዚያው ግድግዳው ከወፈረው ክፍል ነው። የሳንባ ደም ቅዳ የሚወጣው ከስሱ ክፍል ነው። ሁለቱ ቬና ካቫዎች የሚገቡት ከስሱ ክፍል በላይ ወዳለው ኤትሪየም ነው። አኦርታም፣ የሳንባ ደም ቅዳም፣ ሁለቱ ቬና ካቫዎችም በስማቸው ትክክል ተብለው ታርመውልኛል። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ግራና ቀኙን ባገላብጠው ኖሮ አኦርታ ከቀኝ ቬንትሪክል ሊወጣ ነው። ቬና ካቫም ግራ ኤትሪየም ውስጥ ሊገባ ነው። በጤነኛ ልብ ግን አኦርታ የሚወጣው ከግራ ቬንትሪክል ነው፣ ቬና ካቫም የሚገባው ቀኝ ኤትሪየም ውስጥ ነው። ስለዚህ የደም ስሮቹ ስም ትክክል ከሆነ የክፍሎቹም ስም ትክክል መሆኑ የግድ ነው። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መጣል የሚቻል አልመሰለኝም።

ሁለተኛው የቀለሙ ነገር ነው። የሳንባ ደም ቅዳን ሰማያዊ፣ የሳንባ ደም መልስን ቀይ ቀባሁ። ሁለቱም ላይ ኤክስ አለ፣ አጠገቡም «ደም ቅዳ ቀይ ነው» የሚል ማስታወሻ አለ። አብዛኛው ደም ቅዳ ኦክስጅን የበዛበት ደም ስለሚይዝ እንደዚያ ማለት የተለመደ ነው። እኔም ባለፈው ዓመት እንደዚያ ነበር የማምነው። ግን ስሙን ላስተዋለው፣ ደም ቅዳ የተባለው ደሙን ከልብ ቀድቶ ስለሚወስድ ነው። ደም መልስ የተባለውም ወደ ልብ ስለሚመልስ ነው። ስሙ ስለ መንገዱ አቅጣጫ እንጂ ስለ ኦክስጅን ምንም አይልም። የእኛ ቋንቋ ነገሩን በስሙ ውስጥ አስቀምጦልናል፣ ይህን ሳስተውል በጣም ነው የተደሰትኩት።

ከቀኝ ቬንትሪክል የሚወጣው ደም ሰውነትን ዞሮ የመጣ ነው። ኦክስጅኑን ሰጥቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሟል። ወደ ሳንባ የሚሄደውም እዚያ ሊለዋወጥ ነው። ከልብ ስለሚርቅ የሚሄድበት ቧንቧ ደም ቅዳ ነው፣ ኦክስጅኑ ስላነሰ ደግሞ ሰማያዊ ይቀባል። ከሳንባ የሚመለሱት አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑት ቧንቧዎች ኦክስጅን የሞላበት ደም ወደ ግራ ኤትሪየም ያስገባሉ። ወደ ልብ ስለሚመጡ ደም መልስ ናቸው፣ ቀለማቸው ግን ቀይ ነው። ሳንባ ላይ ደንቡ ይገለበጣል። ሌላም ቦታ እንዲህ ይሆናል። እትብት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ደም ቅዳዎች ከፅንሱ ልብ የሚርቀውን ኦክስጅን ያነሰውን ደም ይወስዳሉ፣ አንዱ ደም መልስ ደግሞ ከእናት በኩል ኦክስጅን ያገኘውን ይዞ ይመለሳል።

በነገራችን ላይ ሰማያዊው ቀለም ለመለየት ያህል ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ደም በሰውነታችን ውስጥ ምንጊዜም ቀይ ነው፣ ኦክስጅን ሲያንሰው ይጠቁራል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም። ጥያቄው ሁለት ቀለም ብቻ ስለሰጠን ነው እንደዚያ የቀባሁት።

ሦስተኛው ትንሽ ነው። በግራ ኤትሪየምና በግራ ቬንትሪክል መካከል ያለውን ቫልቭ «ማይትራል» ብዬ ጻፍኩ። ተሰርዞ «ባይካስፒድ» ተብሏል። ሁለቱም የአንዱ ቫልቭ ስሞች ናቸው። ባይካስፒድ የተባለው ሁለት ክንፍ ስላለው ነው፣ ማይትራል የተባለው ደግሞ ቅርጹ ጳጳሳት ከሚደፉት ቆብ ጋር ስለተመሳሰለ ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ማይትራልን ነው። ክፍል ውስጥ ባይካስፒድን ብቻ እንድንጽፍ ነግረውን ከሆነና እኔ አምልጦኝ ከሆነ ግን ይህችን አንድ ነጥብ አልከራከርም።

አሁን የእኔ ስህተት። የአኦርታ ቫልቭ ብዬ የጻፍኩበት መስመር ቫልቩን አይነካም። የሚያልቀው ከሱ በላይ ያለው የአኦርታ ግድግዳ ላይ ነው። ቫልቩን ራሱን ሥዬዋለሁ፣ ቦታውንም አውቃለሁ፣ ግን የሥዕል ስያሜ የሚታረመው መስመሩ በነካው ነገር ነው። እሱ ነጥብ መቆረጡ ተገቢ ነው። እርሳሴ ስለደነዘዘ መስመሩን በእጄ ነው ያሰመርኩት፣ ቀጥሎ ማስመሪያ እጠቀማለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው አራቱን የልብ ክፍሎች፣ ሁለቱን ቀለሞችና ማይትራልን እንደገና እንዲያዩልኝ ነው። ሁሉም ከተስተካከሉ ውጤቴ 14 ይሆናል። ማይትራልን ካልተቀበሉት 13።

መምህር፣ የሁላችንንም ወረቀት በአንድ ሳምንት አርመው እንደመለሱልን አውቃለሁ። ሥዕል ማረም ደግሞ ከምርጫ ጥያቄ ይከብዳል፣ እያንዳንዱን መስመር መከተል ይፈልጋል። ስለ ድካምዎ ከልቤ አመሰግናለሁ። የጻፍኩት ቅር ብሎኝ አይደለም። ለዚህ ሥዕል ሦስት ምሽት ተለማምጃለሁ። ልብ ከባዮሎጂ ሁሉ በጣም የምወደው ምዕራፍ ነው። ነጥቡ ያስጨንቀኛል፣ አልዋሽዎትም። ከነጥቡ በላይ ግን ተሳስቼ ከሆነ የቱ ጋ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የተሳሳተ ነገር ይዤ ወደ ማጠቃለያ ፈተና መግባት አልፈልግም።

የጓደኞቼን ወረቀት ከእኔ ጋር አላመሳከርኩም። የሌላ ሰው ውጤት እንዲነካ አልፈልግም፣ የእኔ ወረቀት በራሱ ይታይልኝ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወይም ዓርብ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቢመችዎት ወረቀቱን ይዤ መምህራን ክፍል እመጣለሁ። አሥር ደቂቃ ይበቃናል። ካልተመቸዎት እርስዎ የሚሉኝ ሰዓት ለእኔ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ከተመለሰልኝ በኋላ ምንም አልጨመርኩም፣ አልፋቅኩምም።

ከአክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ ሜሮን
10ኛ ለ፣ ተራ ቁጥር 23

አባሪ፦ የፈተና ወረቀቱ ፎቶ፣ የፊትና የጀርባ ገጽ