ስልካችሁን እንዳታጥፉ

ኅዳር 2017። ሐዋሳ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። አሠልጣኙ ስለ ሥልጣን ማከፋፈል እያስረዳን ነው። ሲጀምር «እባካችሁ ስልክ ሳይለንት ይሁን» ብሎ ነበር፤ እኔም እንደ ጨዋ ተማሪ አደረግኩ።

ለሻይ ስንወጣ ስልኬን አየሁት። 23 ሚስድ ኮል።

11ዱ ከስምሪት ኃላፊያችን ነው። ማካሮኒና ሳሙና ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና አዋሽ ላይ ቆሟል። ባትሪው አልቆለታል። ሾፌሩ ከመንገዱ ማዶ ባለ ሱቅ አዲስ ባትሪ አግኝቷል፤ 19,000 ብር። የስምሪት ኃላፊው ግን ከ5,000 ብር በላይ መፍቀድ አይችልም። ከዚያ በላይ የኔ ፊርማ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ስለ ሥልጣን ማከፋፈል እየተማርኩ ነው።

ደወልኩለት። «ግዛው» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። እሷ እስክትመጣ ግን መኪናው ፀሐይ ላይ አራት ሰዓት ቆሟል። ከዚያ ፋይናንስ «በጽሑፍ ይሁንልን» አለ። ጻፍኩ። የሚከፍለው ልጅ ባንክ ሄዷል ተባለ። መኪናው እዚያው አደረ። በማግስቱ ድሬዳዋ ሲደርስ ደንበኛችን ከሌላ አከፋፋይ ጭኖ ጠበቀን።

ሰርተፊኬቱ አሁንም ቤት አለ። ያምራል፣ የወርቅ ማኅተም አለው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ያብሰለሰለኝ ባትሪው አይደለም። የስምሪት ኃላፊው ነው። ሰውየው ከመኪና ጋር ያረጀ ነው። ሞተር በድምፁ ይለያል። ስለ ባትሪ እሱ እኔን ማማከሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳፍራል። ታዲያ ለምን ደወለ? ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ኃላፊነት ፈርቶም ብቻ አይደለም። 5,000 የሚል ወረቀት ስላለ ነው።

ወረቀቱን አስወጥቼ አየሁት። የተፈረመው በ2011 ነው። ያኔ አንድ ዶላር 28 ብር ገደማ ነበር፣ በ5,000 ብርም የመኪና ባትሪ ይገዛ ነበር። ደንቡን የጻፈው ሰው አልተሳሳተም። «ባትሪና ጎማ የመሳሰለውን ራሱ ይጨርስ፣ ሞተር ሲሆን ይጠይቀኝ» ማለቱ ነበር።

ከዚያ ዋጋ በየዓመቱ ሽቅብ ወጣ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዕቃ ዋጋ ተከለሰ፣ ደመወዝ እንደ ቤቱ ተከለሰ፣ የኪራይ ውል ተከለሰ። 5,000 ግን 5,000 ሆና ቀረች።

ደንቡን ማንም አልነካውም። ብሩ ግን ተነካ። በዚህ መሀል፣ ማንም ስብሰባ ተቀምጦ ሳይወስን፣ የሰዎቻችን ሥልጣን ቀስ እያለ ተሸርሽሮ ወደ እኛ ጠረጴዛ መጣ። እኛ ደግሞ «ሥራ በዝቶብኛል፣ ሰዎቼ ራሳቸውን አልቻሉም» እያልን እናማርራለን።

የናንተን ቤት አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የእናንተ የፊርማ ጣሪያ መቼ ነው የተጻፈው?

ኩባንያውን ከለቀቅኩ በኋላ የማማክረው በዚህች ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። ማን፣ ምንን፣ እስከ ስንት ብር፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይወስናል? ጠባብ ጉዳይ ናት፣ አውቃለሁ። ስለ ራእይና ተልእኮ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ሞልተዋል፣ እኔ አልጨመርባቸውም።

አሁን ወደ ሽያጩ ልግባ። ቅዳሜ ኅዳር 20 ግማሽ ቀን አብረን እንድንሠራ እፈልጋለሁ። ሥልጠና ልለው አልደፍርም፤ ቢፒአርን፣ ቢኤስሲን፣ ካይዘንን ያየ ሰው «ሥልጠና» ሲባል ዓይኑ ወደ ሻይ ሰዓቱ እንደሚሄድ አውቃለሁ። የኔም ይሄዳል።

ስልካችሁን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ድምፁ እንደተከፈተ። ሲደወል ታነሳላችሁ፣ እዚያው እፊታችን። ስትጨርሱ ተነስታችሁ ነጭ ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ትጽፋላችሁ፦ ማን ደወለ፣ ምን ፈለገ፣ እኔ ባላነሳ ምን ይሆን ነበር?

ባለፈው ዙር የአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ሥራ አስኪያጅ ስልክ በሁለት ሰዓት ውስጥ 14 ጊዜ ጮኸ። ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ከ14ቱ ዘጠኙ ከ10,000 ብር በታች የሆነ ነገር ነበር። አንደኛው የመጋዘን ቁልፍ ሠሪ ይጠራ ወይስ አይጠራ የሚል ነው። ሰውየው ሰሌዳውን ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «እኔ እኮ የመቶ ሃያ ሰው ድርጅት መሪ ነኝ፣ ቁልፍ ሠሪ እየጠራሁ ነው የምውለው» አለ። አልመከርኩትም። ምን ልመክረው? ሰሌዳው ነገረው።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። የራሳችሁን ጥሪዎች ይዘን ለሦስት እንከፍላቸዋለን። ሠራተኛው ራሱ ወስኖ የሚሠራው፣ ወስኖ የሚያሳውቀው፣ ከመወሰኑ በፊት የሚጠይቀው። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ክምር ትልቅ አድርጎ ይጀምራል። ቀጥሎ ከጎኑ የተቀመጠው፣ የማያውቀው የሌላ ድርጅት ሰው፣ «ይሄ ለምን እዚህ ገባ?» ይለዋል። ክርክሩ እዚህ ጋ ይሞቃል፣ ብዙውን ሰዓት የምንወስደውም እዚህ ነው። ከራሳችሁ ባልደረባ ይልቅ እንግዳ ሰው ሲጠይቅ መልስ ማጣት ይቀላል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሁሌ ይሠራል።

ቀጥሎ ብር እንጽፍበታለን። ጣሪያው ስንት ይሁን? በየስንት ወሩ ይታይ? እኔ የምለው ስድስት ወር ነው፤ የምንዛሪውን ነገር ሁላችንም እያየን ነው። የማይስማሙኝ የፋይናንስ ሰዎች አሉ፣ ይምጡና እንከራከር።

አንዲት ከባድ ነገርም አለች፣ እሷን አንዘልም። ጣሪያው ከፍ ቢልም የማይወስን ሠራተኛ አለ። ጠይቁት፣ «ነገ ኦዲት ሲመጣ ማን ይጠየቃል?» ይላችኋል። ልክ ነው። ከዓመታት በፊት በቅን ልብ ወስኖ ደመወዙ የተቆረጠ ጓደኛውን አይቷል። እሱን «ደፋር ሁን» ማለት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምራለን፤ በጣሪያው ውስጥ፣ ደረሰኝ ይዞ፣ ምክንያቱን ጽፎ የወሰነ ሰው ውሳኔው ባያምርም አይቀጣም የምትል። አጭር ናት። እሷን ለማስፈረም ግን ከቦርድ ጋር ሁለት ወር የተጨቃጨቀ ሰው አውቃለሁ።

ስለ ካይዘን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመበት ከ2004 ወዲህ ስንት ፋብሪካ ወለል ላይ ቢጫ መስመር ተቀባ፣ ስንት መደርደሪያ ስም ተለጠፈበት። ጥሩ ነው። ነገር ግን ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ በጣም የምወዳት ነገር ገመዷ ናት። መስመር ላይ ያለ ተራ ሠራተኛ ችግር ሲያይ ከራሱ በላይ ያለውን ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ይመጣል። መኪናው የተወሰነ ምልክት እስኪደርስ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ማንንም አላስፈቀደም። እኛ ቀለሙን ወሰድን፣ ገመዷን እዚያው ተውናት።

አሁን ዝርዝሩ። ቦታው ቦሌ፣ አትላስ አካባቢ ነው፤ ለተመዘገበ ሰው አድራሻውን እልካለሁ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30። ምሳ የለም፣ ቤታችሁ ትበላላችሁ፤ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን መውሰድ አልፈልግም። የነቢያት ጾም ስለገባ የሻይ ሰዓቱ ሁሉ የጾም ነው፣ እስከ ቅዳሴ መውጫ ለሚቆይም ቡና እንካችሁ እያልን አናስቸግርም።

16 ወንበር ነው ያለኝ። ከዚያ ካለፈ ሰሌዳው አይበቃም። ለአንድ ሰው 6,500 ብር፣ ከአንድ ድርጅት ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ ለሁለታችሁ 11,000፤ ቫት ሲደመር። ሕጋዊ ደረሰኝ አለ። ሰርተፊኬት የለም። ወርቃማ ማኅተም የፈለገ ሰው የኔን ላውሰው።

ከቻላችሁ ከፋይናንስ ኃላፊያችሁ ጋር ኑ። ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ እሱ ወይም እሷ ናቸው፣ በቂ ምክንያትም አላቸው። ቅዳሜ አብረው ካጨቃጨቁን ሰኞ አያጨቃጭቁም።

ማን መምጣት የለበትም? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ የግዥ ጣሪያችሁ በሕግና በመመሪያ የተቀመጠ ነው፣ እኔና እናንተ ቅዳሜ ጠዋት የምንቀይረው አይደለም። ከአምስት ሰው በታች የሆነ ሱቅም አያስፈልገውም፣ እዚያ መጮህ ይበቃል። በግል ድርጅትና በኤንጂኦ ውስጥ ሆናችሁ፣ ስልጣናችሁን የሰጣችሁ ሰው ወይም ቦርድ ጣሪያ እንድትቀይሩ ከፈቀደላችሁ ግን ኑ። አስቀድማችሁ ጠይቁት። የማይፈረም ወረቀት ይዞ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። በራሳችሁ ጥሪ፣ በራሳችሁ ብር፣ በራሳችሁ ሰዎች የሥራ መደብ የተጻፈ። ስድስት ተኩል ላይ እጃችሁ ላይ ካልሆነ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ፤ እስካሁን አንድ ሰው ተመልሶለታል፣ እሱም በስብሰባው መሀል ተጠርቶ ስለሄደ።

መምጣት የሚፈልግ ኮሜንት ላይ «ወረቀት» ብሎ ይጻፍ ወይም ኢንቦክስ ያድርገኝ። እስከ ኅዳር 15 እመዘግባለሁ።

ለሚመጣ ሰው የቤት ሥራ አንዲት ናት። ከሐሙስ ጀምሮ የስልካችሁን የጥሪ ዝርዝር አታጥፉ። አጫጭሮቹን ጥሪዎች በተለይ። «ግዛው»፣ «እሺ በለው»፣ «ይሁን» ብላችሁ የዘጋችኋቸውን።