ቱሉ ዲምቱ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20

ነሐሴ 12፣ ከታክሲ ወርጄ ቤት ሳልገባ በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ነው።

እህቴ ከደሴ በደወለች ቁጥር «የአዲስ አበባን ማታ አንስተህ ላክልኝ» ትለኛለች። ፒያሳን፣ መስቀል አደባባይን፣ መብራት የተንቆጠቆጠባቸውን ፎቆች ማለቷ ነው። እነሱንማ ሁሌ በስልኳ ታያቸዋለች። እኔ በየማታው የማየው ግን ይሄንን ስለሆነ ይሄንኑ ላክሁላት። ለእናንተም ይኸው።

ሥራ ብዬ ከመጣሁ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ቦሌ በኩል በሚሠራ አፓርታማ ውስጥ ገመድ እስባለሁ፣ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ እገጥማለሁ። ስለዚህ የትም ስሄድ ቀድሜ የማየው መብራቱን ነው። ፎቶው ላይ በስተቀኝ ርቆ የሚታየው ቢጫ ብርሃን ከድሮዎቹ የሶዲየም አምፖሎች ነው። በሱ ሥር ቀይ ጃኬትም አረንጓዴ ጃኬትም አንድ ዓይነት ቡና መሳይ ይሆናል፣ ቀለም አይለይም። ከኋላ ከሱቁ የሚወጣው ሰማያዊ የሚቀላቅለው ነጭ ደግሞ ኤልኢዲ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል የሚጻፍበት። ለመኝታ ቤት ሲያስገቡት አይገባኝም፤ ደንበኛ ሲጠይቀኝ ሁሌ ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጠውን 3000ውን ግዙ እላለሁ። መሃል ላይ ያለው ቀይ ግን አምፖል አይደለም፣ ከሰል ነው።

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው በሱ ነው። እኔ የምኖርበት በኩል ግን አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፣ በክረምት ጫማ ይዞ የሚያስቀር። ሲመሽ ቀይ ነገር የማየው ማንደጃው ላይ ብቻ ነው።

የማንደጃው ባለቤት በቆሎ ጠባሿ ናቸው። «ማዘር» ነው የምንላቸው። ፎቶ ላንሳ ስላቸው «ፊቴን ተወው፣ እጄን ከሆነ አንሳ» አሉኝ። ስለዚህ የምታዩት እጃቸውን ነው። ከዘይት ካርቶን የተቀደደች ማራገቢያ ይዘዋል፣ ጠርዟ በእሳት ጠቁሯል። በሌላው እጃቸው በቆሎውን በጣታቸው ጫፍ ያዞሩታል፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዱ መስመር ፍሬ ጠቆር ሲል ቀጣዩን። ሲበስል በራሱ ቅጠል ጠቅልለው ነው የሚሰጡት፤ መዳፍህ ሞቆ ቤት ትደርሳለህ። ያን ሙቀት በፎቶ ማሳየት ባለመቻሌ በጣም ይቆጨኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ፎቶው ግራ ጥግ እዩ። መሬት ላይ የተኛ ክብ ነጭ ብርሃን አለ። የማዘር የእጅ ባትሪ ነው፣ ድንጋይ ላይ ተደግፎ። የሚያበራው ለበቆሎው አይደለም። እዚያ ቦይ አለ፤ ከታክሲ የወረደ ሁሉ ወደ ሰፈር የሚሻገረው በአንዲት ጣውላ ነው። ከላይ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። በሐምሌ አንዲት ልጅ ከሥራ ስትመለስ ጣውላውን ስታ ገባች፣ እግሯ ተሰበረ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ማዘር ባትሪውን ወደ ጣውላው አዙረው ነው የሚሸጡት። ማንም አልጠየቃቸውም። ድንጋዩ ጥላ እንዳይጥል ዝቅ አድርጌ ያስተካከልኩላቸው እኔ ነኝ፣ ያ ብቻ ነው የኔ ድርሻ። ፖሉ ላይ ወጥቼ መጠገን እጄ እያወቀው የሚፈቀድልኝ ሥራ ስላልሆነ ከሥሩ ባለፍኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ከላይ እንደ ክር የተሳለው ነጭ መስመር ከቃሊቲ የመጣው ሚኒባስ ነው። የስልኩን የማታ ማንሻ ሦስት ሰከንድ አድርጌ ግንብ ላይ ስላስደገፍኩት የፊት መብራቱ እንዲህ ተዘረጋ። ሰዎቹም ስለሚንቀሳቀሱ እንደ ጭስ ሆነዋል። ማዘር ግን ቁጭ ብለው ስለነበር እጃቸው ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ።

እህቴ ፎቶውን አይታ መጀመሪያ የጻፈችልኝ «በቆሎው ስንት ነው?» የሚል ነበር። ቆይታ ደግሞ «እማዬ ጣውላውን በቀኝህ ነው በግራህ የምትሻገረው? ብላለች» ብላ ላከችልኝ። እማ፣ በቀኝ በኩል ነው፣ ገመድ አለው፣ ይዤ ነው የምሻገረው። አብሽሪ።

ፎቶውን እንዳነሳሁ ማዘር ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀምረው ነበር። በቆሎውን ከረጢት ውስጥ ከተቱ፣ ከሰሉ ላይ አመድ አለበሱ። ከዚያ ቀና ብለው ረዳቱን ጠየቁት፦

«የመጨረሻዎቹ ናችሁ?»

«አንድ መኪና ከኋላ አለ፣ ማዘር።»

ከረጢቱን መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡና ተቀመጡ። ባትሪው እንደበራ ነው።